በፖስታው ጥግ ያለው ቁጥር

ሀዲያ ሚፍታሕ ሰቆጣ ውስጥ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሥራ ፈላጊው ሰሌዳውን አንብቦ ዞር ሲል መጀመሪያ የሚያየው የእሷን በር ነው። ሲቪ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ፖስታ ታሽጋለች። ከገጠር የመጣ ሰው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ደግሞ ፖስታውን ተቀብላ፣ ሱቋን ስትዘጋ ራሷ ለየቢሮው ታደርስለታለች። በዚህ ጠባይዋ የሚያማት ሰው የለም።

ጣጣው የመጣው በፐርሰንቱ ነው።

መስከረም ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ድረ ገጽ አሳያት። ሲቪውን በአንድ በኩል፣ የሥራ ማስታወቂያውን በሌላ በኩል ታስገቢያለሽ፤ ትንሽ ሲሽከረከር ይቆይና በክብ ውስጥ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ሲያንስ ክቡ ቀይ፣ መካከለኛ ሲሆን ቢጫ፣ ሲበዛ አረንጓዴ ነው። ሲቪውና ማስታወቂያው ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ነው የሚናገረው፣ አላት ተማሪው። ከዚያ በላይ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አገሩ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያሰቃየው አገር ነው። ሃምሳ ማለት ማለፊያ ነው፣ ከሃምሳ በታች ማለት እናት የምታለቅስበት ነው። ሌላ ትርጉም ያለው ፐርሰንት አይቶ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ? ወር ሳይሞላ የሱቁ ወሬ ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ሆነ። ሰማንያ ያመጣው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ አርባ ያመጣው ጓደኞቹን እንዳያገኝ በጓሮ በር ይሄዳል። ሀዲያ ደስ አላት፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ በጣም ደስ አላት። በሩ ላይ «ሲቪዎን በፐርሰንት እንለካለን» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሠርታ ሰቀለች። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ የሚሰጣት ነበረች እንጂ ነጥብ የምትሰጥ ሰው ሆና አታውቅማ።

በየፖስታው የቀኝ ጥግ ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ትጽፋለች። ለራሷ ነው። ከሃምሳ በታች የሆነውን ታከብበውና፣ ጊዜ ስታገኝ ባለቤቱን ጠርታ ሲቪውን ልታስተካክልለት ነው። ጊዜ ግን መቼ ይገኛል።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት መስታወት የምትባል ሴት ከፃግብጂ መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀበሌ ለቀበሌ እየተንከራተተች በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ስትለይ የኖረች። አንድ የረድኤት ድርጅት ለፃግብጂ የሥነ ምግብ ሠራተኛ ይፈልጋል መባሉን ሰምታ ነው የመጣችው። ሲቪዋን ወረዳ ያለ ልጅ በሠንጠረዥና በሳጥን አሳምሮ ሠርቶላታል፤ በፍላሽ ይዛዋለች። ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር።

ሀዲያ ፋይሉን ከፍታ ሳትመለከተው ወደ ድረ ገጹ ወረወረችው። ክቡ ቀይ ሆነ።

«ሠላሳ ስምንት» አለች።

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

መስታወት ነጠላዋን አጣፋች። «የዛሬ አሥር ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የቀረሁት በአራት ነጥብ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቁጥርና እኔ አልተስማማንም። ተይው እንግዲህ፣ ከመጣሁ አይቀር አስገቢልኝ፣ እህቴ።» ሮጣ ሚኒባሱ ላይ ወጣች። ሀዲያ በፖስታው ጥግ 38 ብላ ጻፈች፤ አከበበችው። ነገ አስተካክለዋለሁ አለች። በነጋታው ግን የትምህርት ቤት ፈተና ሊባዛ መጣ፣ መብራትም ጠፋ፤ ፖስታውም ቁጥሩ እንደተከበበ ከሌሎቹ ጋር ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አቶ ዋሴ ወደ ሱቁ ገቡ። የድርጅቱ የሰቆጣ ቢሮ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሳይወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሀዲያንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋታል። እስከ ዛሬ መምህር ነው የምትላቸው።

«ልጄ፣ የቢሮው ማተሚያ ቀለም ጨርሷል» አሉና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጧት። «ለቃለ መጠይቅ ያለፉት ናቸው። አሳምረሽ ጻፊልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይለጠፋል።»

መብራት አልነበረም፤ የኮምፒውተሯ ባትሪ ግን ደህና ነው። መጻፍ ጀመረች። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ትምህርት፣ ነጥብ። አንደኛ አጥናፉ፣ ዲግሪ፣ ዘጠና አንድ።

እጇ ቁልፉ ላይ ቀጥ አለ።

አጥናፉን ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሃምሳ ሁለት ነበር ያመጣው። እሷ ናት ማስታወቂያውን አጠገቡ ዘርግታ፣ እዚያ ያለውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ሲቪው ውስጥ የሰገሰገችው። ልጁ እንኳ ደንግጦ ነበር። የፃግብጂ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ እያሳያት «ኽምጣና እኮ ከሰላምታ በላይ አልችልም» ቢላት «ቃሉ ይግባ ብቻ» ብላው ነበር። ዘጠና አንድ የሆነው እንዲያ ነው። ሁለተኛው ሰማንያ ስምንት፣ ሦስተኛው ሰማንያ ስድስት። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስምንቱም የእሷ ቁጥሮች ናቸው፤ ስምንቱም የእሷ ደንበኞች ናቸው። መስታወት የለችም።

መምህሯ የድርጅቱን መስፈርት አይደለም የተጠቀሙት። የእሷን እርሳስ ነው።

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ አትሞ ይሰጣል። ማን ያውቃል? ሰውየውም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ የእሷም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ሀዲያም ይህን አላሰበችም አንልም፤ ለተወሰነ ጊዜ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያየች አስባዋለች። ከዚያ ግን የመስታወት ነጠላ ትዝ አላት። የስልኳን ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች።

በመጀመሪያ የመስታወትን ፋይል እንደነበረ አስገባችው። ሠላሳ ስምንት። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ታች ወረደች፤ ድረ ገጹ ከሲቪው ላይ ያነበበውን የሚያሳይበት ቦታ አለ፤ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም። ከፈተችው። የመስታወት ስም አለ፣ ስልኳ አለ፣ የተማረችበት አለ። ስድስቱ ዓመት የለም። ሳጥኖቹ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ለድረ ገጹ ጭራሽ አልታየውም። ጽሑፉን ከሳጥኑ አውጥታ፣ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በተራ ገጽ ላይ አድርጋ መልሳ አስገባችው። ሰባ አንድ አለ።

ሌላ ተመሳሳይ ድረ ገጽ ፈለገች። ያንኑ ጽሑፍ ከዚያው ማስታወቂያ ጋር ሰጠችው። ሃምሳ አራት አላት።

«ያ ረቢ» አለች ለብቻዋ። ያቺው ሴት፣ ያው ሥራ፣ በአንድ ቀን ሦስት ቁጥር።

ቀጥሎ ያደረገችውን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም፤ ከንዴት ይመስለኛል። ማስታወቂያውን ራሱን በሁለቱም በኩል አስገባችው፤ እንደ ሲቪም፣ እንደ ማስታወቂያም። ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ዘጠና ስምንት።

መብራቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲመጣ ያንን ማስታወቂያ ብቻ አትማ፣ ጥጉ ላይ 98 ብላ ጽፋ፣ ሱቋን ቆልፋ ወደ ቢሮው ሄደች።

በአቶ ዋሴ ጠረጴዛ ላይ ፖስታ ተከምሯል። የገባው በሙሉ መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ አሉ። ሀዲያ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አዩና ፊታቸው ፈካ።

«ዘጠና ስምንት! ይሄ ደግሞ ማነው? እንዴት አመለጠን?»

«ሰው አይደለም፣ መምህር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ የለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ያንን ነው የለካሁት። ያልተማረ፣ ያልሠራ፣ እናት የሌለው ወረቀት ነው፤ ከሁሉም በለጠ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሀዲያ ቆማ ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቀረችም። ድረ ገጹ ቃልን ከቃል ብቻ እንደሚያጋጥም፣ ሰው ግን እንደማይመዝን። «ኽምጣና» የሚለው ቃል በሲቪው ላይ ካለ አለ ነው የሚለው፤ ሰውየው ሰላምታ ብቻ ይችላል ወይስ አፉን የፈታበት ነው፣ አያውቅም። ለፃግብጂ እናቶች ከቋንቋው የበለጠ ምን ያስፈልጋቸዋል? ለድረ ገጹ ግን ከ«ኤክሴል» እኩል አንድ ቃል ነው። ሳጥን ውስጥ ያለውን ሳያነብ እንደሚቀር፣ አንዱ ድረ ገጽ ሰባ አንድ ያለውን ሌላው ሃምሳ አራት እንደሚል። ዘጠና አንዱን ደግሞ እሷ እንዴት እንደሠራችው።

«ታዲያ ለምን ጻፍሽበት?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ለምን ፖስታ ላይ ቁጥር ትጽፊያለሽ?»

«ለራሴ ነበር። ማን ጋ መጠገን ያለበት ሲቪ እንዳለ ለማወቅ። እርስዎ ይጠቀሙበታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

«እኔ ምን ላድርግ? መቶ አሥራ ሁለት ፖስታ፣ አንድ ሰው፣ ሦስት ቀን! ቁጥር ሳይ… » ንግግራቸውን አቋረጡ። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ያረሙ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ሳያነብ መልስ ሲገለብጥ በጆሮው ይዘው ያስወጡ ሰው። ፊታቸው ሲለወጥ ሀዲያ አየች፤ ማየቱም አሳፈራት።

«ቁጥር የሌለባቸውስ?» አለች። «በሌላ ሱቅ ያሠሩት?»

አቶ ዋሴ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። መስኮቱ ሥር ሌላ ክምር አለ። አልተከፈተም።

ከዚያ አዛውንቱ ያን የማስታወቂያ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ በእጃቸው የጻፉትን የስም ዝርዝር ከእሷ ተቀብለው ቀደዱት። «ዝርዝሩ ለነገ ተላልፏል ብለሽ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ» አሉ። «አንቺ እነዚህን ፖስታዎች እንዳትነኪ። እኔው አነባቸዋለሁ። በማስታወቂያው ላይ ባለው መስፈርት፣ አንድ በአንድ።»

«መምህር፣ ከመስከረም ጀምሮ ለእናንተ ቢሮ አራት ጊዜ ፖስታ አምጥቻለሁ፤ ያኔም ቁጥር ነበረባቸው…»

«አውቃለሁ» አሏት። ከዚያ በላይ አላስጨረሷትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ዝርዝር መጣ። የነጥብ ረድፍ የለውም። መስታወት ሦስተኛ ላይ ናት፤ አጥናፉ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከመስኮቱ ሥር ካለው ክምርም ሁለት ሰው ገብቷል። ሀዲያ የመስታወትን ስልክ መታች። ፃግብጂ ኔትወርክ የሚገኘው ዳገት ሲወጣ ነው፤ በስድስተኛው ተነሳ።

«መስተዬ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ አለሽ። ነይ።»

የዳገቱ ነፋስ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል። «እኔ?» አለች መስታወት። «ሠላሳ ስምንት ያመጣሁት? ምን ልሆን እመጣለሁ፣ እህቴ? ልዋረድ?»

«ቁጥሩ ስሕተት ነበር። ድረ ገጹ ሥራሽን አላየውም።»

«አሁንስ ስንት ሆነ?»

ሰባ አንድ ምላሷ ላይ ነበረ። አንድ ቃል ናት፤ ብትላት ሴትዮዋ ሌሊቱን ገስግሳ ትመጣለች፣ ደስ ብሏት ትመጣለች። የሃምሳ አራቱን ነገር ማን ይጠይቃታል?

«ቁጥር አልነግርሽም» አለች ሀዲያ። «ሰውየው አንብበውታል። አንብበው ነው የጠሩሽ።»

መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ማምሻው ብትደውል፣ ዓርብ ብትደውል፣ ቅዳሜና እሑድ ብትደውል አልተነሳም። እሑድ ቀን የሚኒባስ መነኻሪያው ድረስ ሄዳ ከፃግብጂ የመጣ መኪና ሲራገፍ ቆማ አየች። መስታወት አልወረደችም። ሰባ አንድ ብላት ኖሮስ?

ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ስትከፍት መስታወት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ለሰላምታ እንኳ አልሳመቻትም።

«‹ሰውየው አንብበውታል› አልሽኝ» አለች። «እሱን እያሰብኩ ነው የመጣሁት። አንቺስ? ያን ቀን አንብበሽው ነበር?»

ሀዲያ ሊመለስ የሚችለውን ሁሉ አሰበች። ሚኒባሱ ቸኩሎ ነበር፣ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ በነጋታው መብራት ጠፍቶ ነበር። ሁሉም እውነት ነው።

«አላነበብኩትም» አለች።

መስታወት ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ጥብጣብ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ያለበት። የሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ዘርግታ አስቀመጠችው።

«እኔም በቀለም ነው የምሠራው» አለች። «ቀይ ሲያሳይ ቶሎ እናያለን፣ እንልካለን። አረንጓዴ ሲያሳይ ግን ‹ደህና ነው› ብዬ እናቲቱን አልሸኝም። የልጁን ሁለቱንም እግር በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። እግሩ አብጦ፣ ጣቴ የተጫነበት ጎድጉዶ የሚቀር ልጅ አለ፤ ክንዱ አረንጓዴ ነው፣ ልጁ ግን እየሞተ ነው። ጥብጣቡን ብቻ አይቼ የመለስኩት ቀን ገዳይ ነኝ።» ጥብጣቡን በጣቷ ነካችው። «ከሁለት ሳምንት በላይ ይህን ይዤ ስለካ ‹ሠላሳ ስምንት የሆነች ሴት ምን ታውቃለች› እያልኩ ነው። እናቶቹ ሲጠይቁኝ መልሴን እጠራጠር ጀመር። እግሬን እንኳ ሳትጫኚ ነው የመለስሽኝ፣ እህቴ።»

ሀዲያ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት መስታወት ጥብጣቡን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። «ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው» ብላ ወጣች።

ረቡዕ አቶ ዋሴ ውጤቱን ሊያስጽፉ መጡ። መስታወት ተቀጥራለች። ወረቀቱን ተቀብለው ሲወጡ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብለው አዩት። ሀዲያ ወንበር አስጠግታ አወረደችው። መስታወት ፊርማዋን ልትፈርም ከተማ የመጣች ቀን በሱቁ ፊት አለፈች፤ አልገባችም። ሀዲያም አልጠራቻትም።

ድረ ገጹን ግን አልተወችውም። አሁንም አንዳንዴ ትከፍተዋለች፤ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ የቀረ ነገር እንዳለ፣ ማስታወቂያው ጠይቆ ባለቤቱ ሠርቶት ሳለ ሳይጽፈው የረሳው እንዳለ ለማየት። ቁጥሩን ለማንም አትናገርም፤ የትም አትጽፍም። «ስንት አመጣሁ?» የሚላትን «ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ላንብበው» ትለዋለች። ግማሹ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ እዚያ ይለኩለታል።

የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ኮምፒውተሯ ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ ለዚያ ቢሮ የለካቻቸው ሲቪዎች አሉ፤ አርባ ሰባት ናቸው፤ በቁጥራቸው ነው ያስቀመጠቻቸው። ከሃምሳ በታች ያሉት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ እየከፈተች ታነባለች። ዛሬ የከፈተችው የገብረ ኪዳንን ነው፤ ከጽጽቃ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ረዳት፣ ኅዳር ላይ ሃያ ዘጠኝ ያለችው። ያን ቀን ፖስታውን እንኳ «ተይው፣ አታስገቢው» ብሏት ሄዷል። ሲቪው ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ፎቶ ተነስቶ የገባ ነው፤ ድረ ገጹ ሊያነበው የማይችለው ዓይነት።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስልኩ ከታች አለ። ደወለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም አላት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ደወለች።